የሰው ልጅ በዘር መከፈልና የዘረመል ምስክርነት

ዮሐን ፍሪድሪሕ ብሉመንባህ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆኖ በኖረባቸው ረጅም ዓመታት፣ ከዓለም ማዕዘናት ሁሉ የራስ ቅሎችን እያስመጣ ይሰበስብ፣ የሰበሰባቸውንም በተርታ ደርድሮ ከበላያቸው ቁልቁል እየተመለከተ የግንባራቸውን ስፋትና የጉንጫቸውን አጥንት አቀማመጥ ያመዛዝን ነበር። በ1775 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዶክተርነት ማዕርግ ያቀረበውን ድርሳን እያሻሻለና እያሰፋ ሄዶ፣ በ1795 ባሳተመው ሦስተኛ እትም የሰውን ዘር በአምስት ከፍሎ ካውካሳዊ፣ ሞንጎላዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ አሜሪካዊና ማላያዊ ብሎ ሰየማቸው። ካውካሳዊ የሚለውን ስም የመረጠው ከጆርጂያ የመጣች የአንዲት ሴት የራስ ቅል ከስብስቡ ሁሉ በውበት በልጦ ስለታየው ነው፤ ኢትዮጵያዊ ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ከሰሜኑ ጠረፍ በቀር የአፍሪካን ሕዝብ በሙሉ፣ ከሴኔጋል ወንዝ ዳር እስከ ደቡቡ ዳርቻ ድረስ፣ ጠቅልሎ አስገባ።

ስለ ብሉመንባህ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ይህ ሰው አምስቱን ክፍሎች ከዘረዘረ በኋላ፣ አንዱ ክፍል በማይታወቅ መጠን ቀስ በቀስ ወደ ሌላው እንደሚሻገርና በመካከላቸው እርግጠኛ ወሰን ማቆም እንደማይቻል በዚያው ድርሳኑ ገልጿል። የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ፍጥረት መሆኑን አጥብቆ ይከራከር ነበር፤ ጥቁሮች በአእምሮ ያንሳሉ የሚለውን የዘመኑን ክስ ለመቃወምም ጥቁር ደራሲያን የጻፏቸውን መጻሕፍት እየፈለገ በቤተ መጻሕፍቱ ያከማች ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሰዎች ስሞቹን ወሰዱ፤ ማስጠንቀቂያውን ተዉት። የባሪያ ንግድና የቅኝ ግዛት ጥቅም ሊቃውንትን እየሳበ በሄደ መጠን የመክፈሉ ሥራ ከመለየት አልፎ ወደ ማበላለጥ ተሸጋገረ፤ ያን ወራዳ ምዕራፍ ሌሎች በስፋት ስለጻፉት እኔ አልፈዋለሁ።

የመክፈሉ ሥራ በራሱ ሚዛን እንኳ እንዳልጸና ያሳየው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የሰውን ዘር ስንት ብለው እንደቆጠሩ በተራ ዘርዝሯል። አንዱ ሁለት ይላል፤ ሌላው ሦስት፤ ካንት አራት፤ ብሉመንባህ አምስት፤ ቡፎን ስድስት፤ አጋሲስ ስምንት፤ ሞርተን ሃያ ሁለት፤ ቁጥሩ እንዲህ እያደገ ሄዶ ስድሳ ሦስት ላይ ይደርሳል። ሁሉም የተማሩ፣ ሁሉም የተመለከቱት ያንኑ የሰው ልጅ ነበር። ዳርዊን ከዚህ የደረሰበት ፍርድ፣ ልዩነቱ የመጣው ከሊቃውንቱ ስንፍና ሳይሆን ከነገሩ ባሕርይ ነው፤ ሕዝቦች አንዱ ወደ ሌላው እየተዋሐዱ ስለሚሄዱ ቆጣሪው ወሰኑን የሚያቆመው እርሱ ራሱ ባሰበው ስፍራ ነው የሚል ነበር።

ይሁን እንጂ የቆዳ ቀለምና የራስ ቅል ከውጭ የሚታዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ እውነተኛው ወሰን በሰው ሰውነት ውስጥ፣ ማለትም በደም ውስጥ ተሰውሮ ይሆናል የሚል ተስፋ ገና አልጠፋም ነበር። ካርል ላንድሽታይነር በቪየና ከተማ የሰው ደም በዓይነት እንደሚለያይ ካረጋገጠበት ከ1901 በኋላ ይህ ተስፋ መሣሪያ አገኘ፤ የደም ዓይነት ከወላጅ ወደ ልጅ በታወቀ ሥርዓት የሚወረስ፣ ፀሐይም ሆነ ምግብ የማይለውጠው ምልክት ነውና።

ይህንን መሣሪያ በሰፊው ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩበት ፖላንዳዊው ሐኪም ሉድቪክ ሂርሽፌልድና ባለቤቱ ሐና ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዓመታት በመቄዶንያ ግንባር፣ በተሰሎንቄ ከተማ፣ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከኢጣልያ፣ ከሰርብያ፣ ከሩስያ፣ ከሴኔጋል፣ ከማዳጋስካር፣ ከሕንድና ከኢንዶቻይና የመጡ ወታደሮች በአንድ ሰፈር ተሰባስበው ነበር፤ በሰላም ጊዜ ዓመታት የሚፈጅ ጉዞ የሚጠይቀውን ሥራ ጦርነቱ በአንድ ቦታ አቀረበላቸው። ባልና ሚስቱ ከእያንዳንዱ ወገን ወደ አምስት መቶ ሰው፣ በጠቅላላው ከስምንት ሺሕ የሚበልጥ ሰው ደም መርምረው ውጤቱን በ1919 በእንግሊዝ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት አወጡ።

የምርመራው አሠራር ቀላል ነው፤ ከጣት የተወሰደ ጠብታ ደም ከታወቀ የደም ውኃ ጋር ይደባለቃል፤ ደሙ ቢረጋ አንድ ዓይነት ነው፣ ሳይረጋ ቢቀር ሌላ። ከዚህ ቀላል ሥራ የወጣው ሠንጠረዥ ግን እንደ ተጠበቀው አልሆነም። «ኤ» የተባለው የደም ዓይነት በምዕራብ አውሮፓ በርክቶ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ እያነሰ፣ «ቢ» የተባለው ደግሞ በተቃራኒው እየጨመረ ይሄዳል፤ በእንግሊዞች ዘንድ «ኤ» ከመቶ አርባ ሲያልፍ «ቢ» አሥር አይሞላም፣ በሕንዶች ዘንድ ደግሞ «ቢ» ወደ አርባ ይደርሳል። ነገር ግን አንድ የደም ዓይነት ብቻ ያለው ሕዝብ አልተገኘም፤ ሁሉም ሁሉን ይዘዋል፣ የሚለያዩት በመጠን ብቻ ነው። ከዚያም አልፎ የሴኔጋል ወታደሮችና የኢንዶቻይና ወታደሮች በ«ኤ»ም በ«ቢ»ም መጠን እኩል ለእኩል ሊሆኑ ጥቂት ብቻ ቀራቸው። ቀለማቸውንና የራስ ቅላቸውን አይቶ እነዚህን ሁለት ሕዝቦች በአንድ ክፍል ያስገባ ሊቅ አልነበረም፤ ደሙ ግን ጎረቤት አደረጋቸው።

ሂርሽፌልድ ራሱ ከዚህ ውጤት ሁለት ጥንታውያን ዘሮች ነበሩ፣ አንዱ «ኤ»ን ሌላው «ቢ»ን ያመጣ ነው የሚል ግምት አውጥቶ ነበር። ግምቱ ጸንቶ አልቆመም፤ ሠንጠረዡ ግን ቆሟል። በኋላ ናዚዎች ፖላንድን ሲይዙ ትውልዱ ከአይሁድ ስለነበር ከቤተ ሰቡ ጋር በዋርሶ የአይሁድ ሰፈር ታጥሮ፣ በዚያ ረኀብና ተስቦ መካከል ለወጣት ሐኪሞች በስውር ያስተምር ነበር፤ በ1943 አምልጦም ከሞት ተረፈ። የደምን ልዩነት በሕዝቦች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ የለካው ሰው፣ ስለ ደም ንጽሕና በሚሰብኩ ሰዎች እጅ ሊጠፋ ቀርቦ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1950 ስለ ዘር አንድ መግለጫ አውጥቶ፣ ሊቃውንት ስለተከራከሩበት በሚቀጥለው ዓመት አሻሽሎ ደገመው። መግለጫ ግን ምርመራን አይተካም፤ ነገሩን ወደፊት የገፋው ወባ ነው።

አንቶኒ አሊሰን የተባለው፣ በኬንያ ያደገ ሐኪም፣ በ1949 በዚያች አገር እየተዘዋወረ ደም ሲመረምር፣ ቀይ የደም ሕዋስን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው የዘረመል ዓይነት በባሕር ዳርና በቪክቶርያ ሐይቅ አጠገብ በሚኖሩት ሕዝቦች ከመቶ ሃያ በሚበልጡ ሰዎች ላይ፣ በደጋው በሚኖሩት ላይ ግን ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞሉት ላይ መኖሩን አየ። ይህ የሆነው በአንድ አገር፣ በመልክ ልዩ በማይባሉ ሕዝቦች መካከል ነው። ከዚያ በ1954 ምክንያቱን አስረዳ፤ ዓይነቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ ይጠበቃል፣ ከሁለቱም የወረሰ ግን በጽኑ በሽታ ይያዛል፤ ስለዚህ ወባ ባለበት ዓይነቱ ይበረክታል፣ ወባ በሌለበት ይጠፋል። ይኸው ዓይነት በግሪክ፣ በዐረብና በሕንድ ወባማ አገሮች ተገኝቷል፤ በኢትዮጵያ ደጋ ግን የለም ለማለት የሚያስደፍር ያህል ጥቂት ነው። በአሜሪካ ለብዙ ዘመን «የጥቁሮች በሽታ» ተብሎ ሲጠራ የኖረው ሕመም እንግዲህ ድንበሩን የተቀበለው ከቢምቢ ነው፤ ከቆዳ ቀለም ጋር የተገናኘው ወባው በበረከተበት አገር ከሚኖሩት ብዙዎቹ ጥቁር ስለሆኑ ብቻ ነው።

በላይቤርያ ይህንኑ ጉዳይ ሲያጠና የኖረው አሜሪካዊው ፍራንክ ሊቪንግስተን በ1962 ነገሩን ወደ ሙሉ ሐሳብ አደረሰው። እያንዳንዱ የዘረመል ዓይነት በምድር ላይ የራሱ ተዳፋት አለው፤ አንዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ሌላው ደግሞ ወባን ተከትሎ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ተዳፋቶቹም አይገጥሙም። ዘር የሚባል ክፍል በተፈጥሮ ቢኖር ኖሮ፣ ብዙዎቹ ተዳፋቶች በአንድ ስፍራ በአንድነት መሰበር ነበረባቸው፤ አይሰበሩም። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ከዚህ ላይ ደጋው አለቀ፣ ከዚህ ላይ ወይና ደጋው ጀመረ የሚልበት አንድ ድንጋይ እንደማያገኝ ሁሉ፣ ከኖርዌይ ተነሥቶ በእግሩ እስከ ናይጄሪያ የሚሄድ ሰውም ነጩ አልቆ ጥቁሩ የሚጀምርበትን መንደር አያገኝም። ደጋና ቆላ የሚሉት ስሞች ግን ቢያንስ አንድ ነገርን፣ ከፍታን ይለካሉ፤ ዘር የሚለው ስም ይለካቸዋል በሚባሉት ልዩ ልዩ ነገሮች ላይ አንድም የጋራ መለኪያ የለውም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ ሪቻርድ ሌዎንቲን ጥያቄውን በሒሳብ አቀረበ። የዝንብ ዘረመልን በማጥናት የታወቀው ይህ ሰው፣ ሐሳቡን የሠራው በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ፣ ሌሎች በሰበሰቧቸው የደም ዓይነት ሠንጠረዦች ላይ እያሰላ ነው ይባላል። ጥያቄው ይህ ነበር፤ በሰው ልጆች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት ሁሉ ቢደመርና መቶ እጅ ቢሆን፣ ከዚያ ውስጥ ስንት እጁ በአንድ ሕዝብ ሰዎች መካከል፣ ስንት እጁ ደግሞ ዘር በሚባሉት ክፍሎች መካከል ይገኛል?

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን በትንሽ ምሳሌ እናስላው። በአንድ መንደር አንድ የዘረመል ዓይነት ከመቶው ቅጂ ስድሳውን ይዟል እንበል፤ በሌላ መንደር አርባውን። ከመጀመሪያው መንደር በዕጣ ሁለት ቅጂዎችን ብናወጣ የተለያዩ የሚሆኑበት ዕድል ከመቶ አርባ ስምንት ነው፤ በሁለተኛውም መንደር እንዲሁ አርባ ስምንት። ሁለቱን መንደሮች ደባልቀን ብናወጣ ዕድሉ ሃምሳ ይሆናል። መንደሮቹን መለየታችን ያስገኘልን ከሃምሳው ሁለት፣ ማለትም ከመቶ አራት እጅ ብቻ ነው፤ ዘጠና ስድስቱ እጅ በእያንዳንዱ መንደር ውስጥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል አለ። ስድሳና አርባ ለጆሮ እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም ውጤቱ ይህ ነው። ሌዎንቲን በሌላ ቀመር፣ ነገር ግን በዚሁ መንገድ፣ አሥራ ሰባት ዘረመሎችን በሰባት «ዘሮች» ላይ ሲመዝን፣ ከልዩነቱ 85.4 በመቶው በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ 8.3 በመቶው በአንድ ዘር ሥር በተቆጠሩ ሕዝቦች መካከል፣ የቀረው 6.3 በመቶ ብቻ በዘሮች መካከል ሆኖ አገኘው። ከዚያ ወዲህ በመሣሪያው መሻሻል ቁጥሮቹ ጥቂት ወዲያና ወዲህ ቢሉም፣ የውጤቱን መልክ የለወጠ ጥናት የለም።

የልዩነቱ ማነስ ምክንያት በ1987 እየተገለጠ መጣ። ርቤካ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን ከእናት ብቻ የሚወረሰውን ዲ ኤን ኤ በ147 ሰዎች ላይ አነጻጽረው፣ ሥሩ ሁለት መቶ ሺሕ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄድ፣ መነሻውም አፍሪካ የሆነ የትውልድ ሐረግ አወጡ። ሰው ወጣት ፍጥረት ነው፤ ተለያይቶ ለመቅረት ዘመን አልነበረውም። ሁለት ሰዎች በዕጣ ቢመረጡ በዲ ኤን ኤ ፊደሎቻቸው የሚለያዩት ከሺሕ በአንዱ ገደማ ነው፤ በቁጥር ከእኛ እጅግ የሚያንሱት ቺምፓንዚዎች እንኳ በመካከላቸው ከእኛ የበለጠ ልዩነት አላቸው።

እዚህ ላይ በቅንነት መቅረብ የሚገባው ተቃውሞ አለ። በ2002 ኖዋ ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ ከ52 ሕዝቦች የተገኙ የ1,056 ሰዎችን ዘረመል፣ የየትኛው ሕዝብ መሆናቸውን ሳይነግሩ፣ ለአንድ የኮምፒዩተር መርሐ ግብር ሰጥተው በአምስት ክፈል ሲሉት፣ ክፍሎቹ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከምዕራብና ደቡብ እስያ፣ ከምሥራቅ እስያ፣ ከኦሺያኒያና ከአሜሪካ ጋር ገጠሙ። በ2003 ደግሞ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤድዋርድስ ሌዎንቲን ስቷል ሲል ጻፈ። ክርክሩን ከላይ ባየናቸው ሁለት መንደሮች ልናየው እንችላለን፤ ሰውየው የየትኛው መንደር እንደሆነ ከአንድ ዘረመል ቅጂ ብቻ ብንፈርድ ከመቶ አርባ ጊዜ እንሳሳታለን፣ ነገር ግን እንዲህ ያሉ መቶ ዘረመሎችን ደምረን ብንፈርድ ስሕተቱ ከመቶ ወደ ሁለት ይወርዳል። ኤድዋርድስ በዚህ ትክክል ነው፤ ማንም ይህን የሚክድ የዘረመል ሊቅ የለም። ከብዙ ዘረመል የሰውን አያቶች አገር ማወቅ ይቻላል።

ዳሩ ግን ሁለቱ መንደሮች በሺሕ ዘረመልም ቢለዩ፣ ከልዩነቱ ዘጠና ስድስት እጁ አሁንም በየመንደሩ ውስጥ ነው። አያትህ የትኛው መንደር ነበረ የሚለው ጥያቄና መንደሮቹ በባሕርያቸው ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ አንድ አይደሉም። መርሐ ግብሩም አምስትን የመረጠው ስለታዘዘ ነው። ስድስት ሲሉት ስድስተኛ አድርጎ ያወጣው ሌላ ክፍለ ዓለምን ሳይሆን፣ በፓኪስታን ተራሮች ውስጥ የሚኖሩትን፣ ቁጥራቸው ጥቂት ሺሕ የሆነውን የካላሽ ሕዝብን ነው። ለብቻቸው ተገልለው የኖሩ ጥቂት ሰዎች ከመላ አፍሪካ እኩል አንድ «ዘር» ይሆናሉ የሚል ሰው ካልተገኘ በቀር፣ ከዚህ ሥራ የዘርን ቁጥር ማውጣት አይቻልም። በሌላም በኩል ሰዎቹ የተመረጡበት መንገድ ይመዘናል፤ ዳቪድ ሴርና ስቫንቴ ፔቦ በ2004 እንዳሳዩት፣ ናሙናው ከተራራቁ ጥቂት ቦታዎች ሲሰበሰብ ወሰኑ ጎልቶ ይታያል፣ በመካከል ካሉት አገሮች ሲጨመርበት ይደበዝዛል። ሮዘንበርግ ራሱ ናሙናውን ሳይሆን የዘረመሎቹን ቁጥር ጨምሮ በ2005 መልስ ሲሰጥ፣ አብዛኛው ልዩነት ተዳፋት መሆኑን፣ ነገር ግን ባሕር፣ በረሃና ሂማላያ ባሉበት ተዳፋቱ ላይ ትንንሽ እርከኖች መኖራቸውን አስረዳ። እኔ እንደማምነው የክርክሩ እውነተኛ ፍጻሜ ይህ ነው፤ እርከን አለ፣ ግድግዳ ግን የለም።

በዚያው በ2005 ሶሂኒ ራማቻንድራንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት ለእኛ አንባቢዎች በተለይ ሊታወቅ ይገባል፤ መለኪያው የተተከለው በአዲስ አበባ ነውና። ሊቃውንቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስከ እያንዳንዱ ሕዝብ ያለውን ርቀት ለኩ፤ የጥንት ሰው በባሕር ላይ ስላልበረረ፣ መንገዱ በየብስ እንዲያልፍ በካይሮ፣ በኢስታንቡል፣ በፕኖም ፔን፣ በሳይቤርያ ጫፍ ባለችው በአናዲርና በካናዳዋ በፕሪንስ ሩፐርት በኩል እንዲዞር አደረጉ። ከዚያ በእያንዳንዱ ሕዝብ ውስጥ ያለውን የዘረመል ልዩነት ከርቀቱ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ከአፍሪካ በራቁ ቁጥር ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ ሲቀንስ፣ በደቡብ አሜሪካ ከሁሉ አንሶ ሲገኝ አዩ፤ ከልዩነቱ መዋዠቅ ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማው በዚህ የመንገድ ርዝመት ብቻ ይገለጻል። ትርጓሜው ግልጽ ነው፤ ከአንድ ሕዝብ ጥቂቶች ተነጥለው ወደፊት ይሄዳሉ፣ ከእነርሱም ጥቂቶች እንዲሁ፣ በእያንዳንዱም ጉዞ ከዘረመሉ ሀብት የተወሰነው ከኋላ ይቀራል። ስለዚህ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ልዩነት በአብዛኛው በአፍሪካ ካለው የተቆረሰ ነው። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለመለኪያ ምቹ መነሻ እንድትሆን እንጂ የሰው ልጅ የተነሣው ከዚያች ቦታ ነው ለማለት እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም።

ስለ ቆዳ ቀለምም፣ የዘር ሐሳብ ሁሉ የተጀመረበት እርሱ ነውና፣ የተገኘውን መጨመር ያስፈልጋል። በሣራ ቲሽኮፍ የሚመራ ቡድን፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጭምር ተባብረውበት፣ በኢትዮጵያ፣ በታንዛንያና በቦትስዋና ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ ሰዎችን ቆዳ በብርሃን መለኪያ ለክቶ ዘረመላቸውን በመመርመር ውጤቱን በ2017 አወጣ። ቆዳን የሚያጠቁሩትም ሆነ የሚያቀሉት የዘረመል ዓይነቶች ብዙዎቹ በአፍሪካ ጎን ለጎን የኖሩ፣ አንዳንዶቹም ዛሬ ያለው የሰው ዓይነት ከመገኘቱ በፊት የነበሩ ሆነው ተገኙ። በአውሮፓ ሁሉን የሸፈነው አንድ ዓይነት ደግሞ ከሺሕ ዓመታት በፊት ከምዕራብ እስያ ገብቶ በኢትዮጵያ የተለመደ ነው፤ ይህን የያዘ ኢትዮጵያዊ ግን በሌሎቹ ዓይነቶች ምክንያት ጠይም ሊሆን ይችላል። ቀለም ከብዙ ዘረመሎች ድምር የሚወጣ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው መንገዳቸው ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል።

ይህ ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ የሚቀር ክርክር እንዳልሆነ የኩላሊት ነገር ያሳያል። በ2010 አሜሪካውያን ሊቃውንት «ኤፒኦኤል1» በተባለው ዘረመል ላይ ሁለት ዓይነቶችን አገኙ፤ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሱ እንደሆነ ኩላሊትን ለጽኑ በሽታ ያጋልጣሉ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ግን ከእንቅልፍ በሽታ ይጠበቃል። ዓይነቶቹ በምዕራብ አፍሪካ እጅግ የበረከቱ ናቸው፤ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ የኩላሊት በሽታ ለምን እንደሚበዛም በከፊል አስረዱ። በእስራኤል የሚሠሩ ሐኪሞች ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው ወደዚያች አገር የገቡ ኢትዮጵያውያን፣ በአሜሪካ ጥቁር ታማሚዎችን የሚይዘው የኩላሊት ጥፋት እንደማይደርስባቸው አስተውለው ነበር። በዚያው በ2010 ከሦስት መቶ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ዘረመል ሲመረምሩ፣ አደገኞቹን ዓይነቶች በአንዱም ላይ አላገኙም። ኒው ዮርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የሌጎስ ልጅና የጎንደር ልጅ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለቱም «ጥቁር» ተብለው ይጻፋሉ፤ በዚህ ዘረመል ረገድ ግን የጎንደሩ ከሎንዶን ሰው እንጂ ከሌጎሱ ጋር አይመሳሰልም።

መዝገቡ ደግሞ በሒሳብ ውስጥ ይገባ ነበር። በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ በስፋት የሠሩበት ቀመር፣ ክሬያቲኒን ከሚባለው የደም ዝቃጭ የኩላሊትን ኃይል ገምቶ፣ ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛው ነበር። የቀመሩ ውጤት 18 የሆነለት ሰው፣ ጥቁር ከተባለ 20.9 ይሆንለት ነበር፤ ለንቅለ ተከላ ተራ መቁጠር የሚጀመረው ግን 20 እና ከዚያ በታች ሲሆን ነው። ሁለት ታማሚዎች በደማቸው እኩል ሆነው፣ አንደኛው ተራ ሲይዝ ሌላው ገና ደህና ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ቀመሩ ታማሚው ከየት እንደመጣ፣ ከየትኛው ወንዝ ማዶ እንደተወለደ፣ ከማን እንደሚወለድ አይጠይቅም ነበር፤ የሚጠይቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። በ2021 የአገሪቱ የኩላሊት ማኅበራት የጋራ ጉባኤ አቁመው ያን ማባዣ ከቀመሩ አወጡት፤ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮም ሆስፒታሎች በአሮጌው ቀመር ምክንያት የዘገዩትን ጥቁር ታማሚዎች የተራ ዘመን እንዲያስተካክሉ ታዘዙ።

በመጋቢት 2023 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች፣ ዘርን የሰው ዘረመል ልዩነት መለኪያ አድርገው እንዳይወስዱ ተመራማሪዎችን የሚመክር ሰፊ ዘገባ አወጡ። ከሊቃውንቱ መካከል በሕዝቦች መካከል ያለው አማካይ ልዩነት ከዚህ የበለጠ ትኩረት ይሰጠው የሚሉ አሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ልዩነቱ በአምስት ወይም በሰባት ሣጥን ተከፍሎ ይቀመጣል አይሉም። በውጭ አገር የምትኖር አንባቢ ሆይ፣ ሐኪምህ ከዘር ሣጥኖች አንዱን እንድትመርጥ ቢጠይቅህ ምረጥ፤ ነገር ግን እናትህና አባትህ ከየትኛው አገርና ወረዳ እንደመጡ፣ ወንድሞችህና እኅቶችህ፣ አጎቶችህና አክስቶችህ በምን እንደታመሙ ደግሞ ጨምረህ ንገረው፤ ለሕክምናህ የሚጠቅመው ያኛው ነው።